ክቡ 6 ሚሊ ሜትር ነው፦ ስለ ሎጎና ፕሮፋይል ፎቶ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

«አንድ አርማ በትልቁ ሲታይ ካማረ በትንሹም ያምራል፤ መጠን ውበትን አይለውጥም። ሲያንስ ዝርዝሩ ይጠፋል የሚለው ስጋት የድሮ ስልክ ስጋት ነው፤ የዛሬው ስክሪን ፀጉር የምታህል መስመር ያሳያል። ደግሞስ ስሙ ከፎቶው አጠገብ በጽሑፍ ሰፍሮ ሳለ አርማው ተነበበ አልተነበበ ማን ይጎዳል? ስታርባክስን እዩ፤ የሴቲቱ ፀጉር፣ ዘውዷ፣ ጭራዋ ሁሉ ተሥሎ ዓለም ያውቃታል። አርማን ለአንዲት ትንሽ ክብ ብሎ መላጨት ባህልን ከላዩ መግፈፍ ነው፤ ውጤቱም ሁሉም ድርጅት አንድ መልክ መያዙ ነው።»

በዲዛይነሮችና በነጋዴዎች የቴሌግራም ቻናሎች ሲዞር የሰነበተው ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህ ነው። በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ የጸሐፊው ቁጭትም ከልብ እንደመጣ ያስታውቃል። ዝም ብዬ ባለፍሁት ነበር፤ ነገር ግን ቡና ቆልተው የሚሸጡ አንዲት ደንበኛዬ ጽሑፉን ልከውልኝ «ልጄ፣ ታዲያ የእኔን ለምን አስለወጥኸኝ?» ብለው ጠየቁኝ። የእርሳቸውን አርማ መጀመሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ለፕሮፋይል ፎቶ አይሆንም ብዬ ሌላ ቅርጽ ያዘጋጀሁለትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ይህ መልስ ለጸሐፊውም ለእርሳቸውም ነው።

ከመጠኑ ልጀምር። በጥምቀት ዕለት ታቦት ያጀበ ሰው መጾር መስቀልን ያውቀዋል፤ በረጅም ዘንግ ላይ ተሰክቶ ከሕዝቡ ራስ በላይ የሚያልፈው ትልቁ መስቀል ነው። ሐረግ ከሐረግ ተጠላልፎ፣ በቀዳዳዎቹ መካከል ሰማዩ ይታያል። አሁን ደግሞ የአንገት መስቀልን ተመልከቱ። አንጥረኛው ትልቁን መስቀል ወስዶ እንዳለ አላሳነሰውም። ቀዳዳዎቹን ቀንሷል፣ የቀሩትን አስፍቷል፣ ክንዶቹን ለቁመታቸው ከሚገባው በላይ አወፍሯል። እንዲያ ባያደርግ ኖሮ ጥልፍልፉ ተደፍኖ ከሁለት እርምጃ ርቀት ድፍን ብረት ይመስል ነበር። ሁለቱም መስቀል ናቸው፣ ሁለቱም ያምራሉ፤ እያንዳንዱ ግን ለራሱ መጠን ተሠርቷል።

በአርማም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። አርማው 1000 በ1000 ፒክስል በሆነ ሰሌዳ ላይ ተሥሏል እንበል። እዚያ ላይ 4 ፒክስል ውፍረት ያለው መስመር ቀጭንና የተዋበ ነው። ምስሉ ወደ 160 ፒክስል ሲወርድ ያ መስመር 0.64 ፒክስል ይሆናል። ፒክስል ደግሞ በከፊል አይቀባም፤ አንድ ፒክስል የሚይዘው አንድ ቀለም ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ያለው አማራጭ የመስመሩን ቀለም ከጀርባው ቀለም ጋር መቀላቀል ነው። ጥቁሩ መስመር ግራጫ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ አርማ ሲያንስ መስመሮቹ አብረው ይቀጥናሉ ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ከአንድ ወሰን በታች መስመር መቅጠኑን ትቶ መደብዘዝ ይጀምራል። ክፍተትም እንዲሁ ነው። በሁለት ቅጠሎች መካከል ያለችው ነጭ ስንጥቅ ከአንድ ፒክስል ስታንስ ቅጠሎቹ ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ። ይህን ከመስመሩ ይልቅ ብዙ ዲዛይነሮች ይዘነጉታል፤ ዓይናችን የተሣለውን እንጂ ያልተሣለውን ማየት አልለመደምና።

ስለ ስክሪኑ ጥራት ጸሐፊው የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው፤ እቀበላለሁ። ከ15 ዓመት በፊት የነበረ ርካሽ ስልክና የዛሬው አንድ አይደሉም፤ ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጥ ስልክ ላይ ፒክስሉን በዓይን ለይቶ ማየት ያዳግታል። ነገር ግን በአርማውና በተመልካቹ መካከል ያለው ስክሪኑ ብቻ አይደለም። ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም በስልኩ ዋጋ አይለወጡም።

አንደኛው አርማውን የሚያስቀምጠው ድርጅት ነው። እኛ የምንጭነውን ፋይል እንዳለ የሚያሳይ የለም። ቴሌግራም የፕሮፋይል ፎቶን ትልቅና ትንሽ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ትልቁ 640 በ640፣ ትንሹ 160 በ160 ፒክስል ነው። በውይይት ዝርዝሩ ላይ የምናየው ትንሹን ነው። ዩቲዩብም 800 በ800 ፒክስል ስጡኝ ይልና 98 በ98 አድርጎ እንደሚያሳይ ራሱ ለባለ ቻናሎች በሚሰጠው መመሪያ ይናገራል። በዚህ ላይ ምስሉ በጄፔግ ይጨመቃል። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው የሚሠራው፤ ብዙውን ጊዜም የቀለምን ልዩነት ከብርሃንና ጨለማ ልዩነት ባነሰ ዝርዝር ይይዛል። በአረንጓዴ ቅጠል ላይ ያረፈች 3 ፒክስል የምታህል ቀይ የቡና ፍሬ ከዚህ ወንፊት ስታልፍ ቀይም አረንጓዴም ያልሆነ ጭቃ መሳይ ነጠብጣብ ሆና ትወጣለች። ምንም ዓይነት ስክሪን ይህን መልሶ ቀይ ሊያደርገው አይችልም።

ሁለተኛው የሰው ዓይን ነው። ስልክ በተለምዶ ከፊታችን 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ይያዛል። በዚያ ርቀት ደህና የሚያይ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለያይቶ ሊያይ የሚችለው በመካከላቸው ቢያንስ 0.1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲኖር ነው። የዓይን ሐኪም ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሰሌዳም የሚለካው በዚሁ ሕግ ነው፤ ጤነኛ ዓይን የሚያነባት የመጨረሻዋ ፊደል ቁመቷ የዚህ ልዩነት አምስት እጥፍ ነው። በስልክ ርቀት ሲሰላ 0.5 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ይህ በጥሩ ብርሃን፣ ሳይቸኩል፣ አፍጥጦ ለሚያይ ሰው ነው። በአስተያየት ሥር የሚወጣው የፕሮፋይል ክብ ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በቴሌግራም ዝርዝር ላይ ሰፋ ይላል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ግን አይሞላም።

ይህን ይዘን ወደ ደንበኛዬ አርማ እንምጣ። በመካከሉ ጀበና አለ፤ ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። በግራና በቀኝ ፍሬ የያዙ ሁለት የቡና ቅርንጫፎች ያቅፉታል። ከሥሩ የተመሠረተበት ዓመት አለ። ዙሪያውን የሱቁ ስም ከላይ በአማርኛ፣ ከታች በእንግሊዝኛ ይዞራል፤ ከስሙ ውጭ ደግሞ የመሶብ ስፌት የሚመስል ጠርዝ አለ። በቡና ከረጢቱ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሲታተም እጅግ ያምር ነበር፤ አሁንም ያምራል። በቻናሉ ላይ ግን ምን ሆነ? የዙሪያው ፊደላት ቁመት ከክቡ ስፋት 7 በመቶ ነበር። ክቡ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ፊደሉ 0.42 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከሐኪሙ ሰሌዳ የመጨረሻ መስመር በታች ወረደ ማለት ነው። የቅርንጫፎቹ መስመር 4 በሺህ ስለነበር 0.024 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ዓይን መለየት ከሚችለው በአራት እጥፍ ያነሰ ነው። የመሶቡ ጠርዝ ጭራሽ ስፌትነቱ ጠፍቶ የቆሸሸ ቀለበት መሰለ። ስክሪኑ ምንም ያህል ይጥራ፣ እነዚህ ቁጥሮች ያው ናቸው።

የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ከላቲኑ የባሰ ፈተና አለበት፤ ጸሐፊው ይህን ጨርሶ አላነሡትም። ላቲን አንባቢ የቃሉን ፊደላት አንድ በአንድ ባይለይ እንኳ ወደ ላይ የወጡትንና ወደ ታች የወረዱትን እግሮች አይቶ በቃሉ ጥላ ይገምታል። የግእዝ ፊደላት ግን አብዛኞቹ እኩል ቁመት ይዘው በአንድ መስመር ላይ ይቆማሉ፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባልም የለንም። በ፣ ቡ እና ቢን የሚለየው በቀኝ እግር ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት፤ ለካዕብ ከመካከሉ፣ ለሣልስ ከግርጌው። ጭረቷ የፊደሉን ቁመት አንድ አምስተኛ ብታህል፣ ፊደሉ 0.42 ሚሊ ሜትር በሆነበት ቦታ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች ትሆናለች። አንባቢው «ብ» ወይም ከዘመዶቹ አንዱ መሆኑን ያያል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አያውቅም። በአማርኛ ደግሞ ያቺን ጭረት መሳት ቃሉን መሳት ነው።

ስሙ ከፎቶው አጠገብ መጻፉን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር ከሚያስቡት በላይ እስማማለሁ። እውነት ነው፤ ቴሌግራምም ፌስቡክም ስሙን በግልጽ ፊደል ያሳያሉ። ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚከተለው እርሳቸው የደረሱበት መደምደሚያ አይደለም። ስሙ በጽሑፍ ካለ በክቡ ውስጥ መድገሙ ምን ይረባል? ያንን ጠባብ ቦታ ለማይነበብ ጽሑፍ ከመስጠት ለሚታወቅ ምልክት መስጠት ይሻላል። እዚህ ላይ ጽሑፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ ይዟል። መነበብ ሌላ ነው፣ መታወቅ ሌላ ነው። የቅርብ ዘመዳችንን ከመንገዱ ማዶ የምንለየው ፊቱን አንብበን አይደለም፤ አካሄዱን፣ የትከሻውን አወራረድ፣ የጋቢውን አደራረብ አይተን ነው። ሰው ዝርዝሩን በአውራ ጣቱ እየገፋ ሲያልፍ ስም አያነብም። ቀለምና ቅርጽ ሲይዘው ነው ጣቱ የሚቆመው፤ ስሙን የሚያነበው ከዚያ በኋላ፣ ለማረጋገጥ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አጠገቡ የተጻፈው ስም ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። የስልኩ ስፋት ሲያልቅ ስሙ ተቆርጦ ሦስት ነጥብ ይከተለዋል። በእንግሊዝኛ ስም ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም ይሆናል፤ የእኛ ድርጅቶች ስም ግን ልዩ የሆነውን ክፍል መጨረሻ ላይ ያመጣል። «የኢትዮጵያ» ብሎ የሚጀምር ስንት መሥሪያ ቤት፣ ስንት ማኅበር፣ ስንት ባንክ አለ? «የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር» ብሎ የሚጀምረውስ? አምስቱ በዝርዝሩ ላይ ተከታትለው ቢወጡና ሁሉም ከመካከል ቢቆረጡ ለመለየት የሚቀረው ክቡ ብቻ ነው። ክቡ ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹ ረጅሙን ስም እንደገና ክብ አድርገው ጽፈውበታል። በዚሁ ምክንያት «የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ውሰዱና ክቡ ውስጥ አስቀምጡ» የሚለው የውጭ አገር ምክር ለእኛ እንዳለ አይሠራም። የግማሽ አገር ድርጅት አርማ «የ» ሊሆን ነውና። ፊደል የሚመረጥ ከሆነ ከስሙ ልዩ ክፍል ነው መመረጥ ያለበት፤ ያውም ከጎረቤቱ ፊደል በአንዲት ጭረት ብቻ የማይለይ ቢሆን ይመረጣል።

ስለ ስታርባክስ ብዙ አልልም፤ ምሳሌው ራሱ ለእኔ ይመሰክራልና። እ.ኤ.አ. በ1971 የነበረው አርማ ቡናማ ነበር፤ ሴቲቱ ከነሙሉ አካሏ፣ ጽሑፉም ዙሪያዋን ይዞ። በ1987 አረንጓዴ ሆነ። በ1992 ሥዕሉ ወደ እርሷ ቀርቦ አብዛኛው አካሏ ከክቡ ውጭ ቀረ። በ2011 የዙሪያው ጽሑፍ በሙሉ ወጣ። በየጊዜው የተደረገው መቅረብና መቀነስ ነው። ያ ሁሉ የተደረገው ለፕሮፋይል ፎቶ ብለው ነው ማለቴ አይደለም፤ በ2011 ከቡና ውጭ ያሉ ምርቶችን ለመሸጥ ያላቸው ዕቅድም ምክንያት ነበር። በ6 ሚሊ ሜትር ሲታይ ግን የፀጉሯን ሞገድ የሚቆጥር የለም። የሚታየው አረንጓዴ ክብና በመካከሉ ግራ ቀኙ እኩል የሆነ ነጭ ቅርጽ ነው፤ ያንን ያስለመዱን በብዙ ሺህ ሱቆችና በየእጁ በተያዙ ኩባያዎች ነው። ማስተርካርድም እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ስሙን ከሁለቱ ክቦቹ ላይ ሲያነሣ፣ ከ80 በመቶ በላይ ሰዎች ምልክቱን ያለ ስሙ እንደሚያውቁት አስጠንቶ ነበር። ጥቂት ሺህ ተከታይ ያለው የቦሌ ወይም የሀዋሳ ቡና ቆይ እንዲህ ለመታወቅ የሚከፈለውን ዋጋ ገና አልከፈለም። ታዋቂው ድርጅት ጥቂት ዝርዝር ቢያባክን ትዝታችን ይሞላለታል፤ ያልታወቀው ግን የሚሞላለት የለውም።

ከሁሉ የከበደኝ የባህሉ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ የጸሐፊው ቁጭት የእኔም ነው። ብዙ ድርጅቶች በዚሁ ሰበብ አርማቸውን አራቁተው አንዱ ከሌላው የማይለይ ሆነዋል። የፋሽን ቤቶቹ ስም ሁሉ በአንድ ዓይነት ወፍራምና ቀጥ ያለ ፊደል የተጻፈበትን ዘመን አይተናል። ይህ ሽንፈት ነው፤ እከራከራለሁ የምለውም ለዚህ አይደለም። ነገር ግን አንድ መልክ መያዝ ከመቅለል ብቻ አይመጣም። የደንበኛዬን ሥራ ስጀምር በመጀመሪያ ያደረግሁት የሌሎችን ቡና ቆይዎች ቻናል ፕሮፋይል ሰብስቦ በአንድ ገጽ ላይ መደርደር ነበር፤ በስልክ ላይ በሚታዩበት መጠን። አብዛኞቹ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ነበሩ፤ ከግማሽ በላዩ ላይ ጀበና ነበር። ሁሉም በዝርዝር የተሣሉ፣ ሁሉም በባህል የተሞሉ፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን የማይለዩ። የእኔም ሥራ ከመካከላቸው ነበር። ሴትዮዋ አንዳንድ ደንበኞቻቸው በስሕተት ከሌላ ቻናል ማዘዛቸውን ሲነግሩኝ ነበር፤ ምክንያቱ እዚያ ገጽ ላይ ታየኝ። አንድ መልክ ያስያዛቸው ዝርዝሩ ነበር፤ ሁሉም ያንኑ ዝርዝር አንድ ቦታ አጭቀውት ነበርና።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን እንቀንስ?» አልነበረም፤ «የዚህ ቤት ብቻ የሆነው የቱ ነው?» የሚል ነበር። ጀበናው ብቻውን አይደለም። እንፋሎቱም አይደለም። ሴትዮዋ የሚጠቀሙበት ጀበና ግን ከእናታቸው የወረሱት ነው፤ አንገቱ ረጅም ሆኖ ወደ አንድ ወገን ትንሽ ያዘነበለ፣ አፉም ከተለመደው ወጣ ያለ። በመጀመሪያው አርማ ላይም እንዲሁ ሥዬው ነበር፤ ነገር ግን ከቅርንጫፉና ከጽሑፉ መካከል አንሶ ሲቀመጥ ያ ዝንባሌ ማንም ሳያየው ጠፋ። አሁን ቀርበን ያዝነው፤ ሆዱ ከክቡ በታች እንዲወጣ፣ አንገቱና አፉ ክቡን እንዲሞሉት አደረግን። ለሴትዮዋ መጀመሪያ ሳሳያቸው «ጀበናዬን ግማሹን ቆርጠህ ነው የምታመጣልኝ?» ብለው ተቆጥተው ነበር፤ መቆጣታቸውም ይገባኛል። ስልካቸው ላይ ሳሳያቸው ግን ዝም ብለው ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱና «አንገቱ የእናቴ ነው» አሉ።

ቀለሙን ከአርማው ውስጥ ከነበረው ነው የመረጥነው፤ የበሰለ የቡና ፍሬ ጥልቅ ቀይ። በቀድሞው አርማ ላይ ነጠብጣብ ብቻ ነበር፣ አሁን ሙሉውን ጀርባ ሞላው፤ ጀበናው በላዩ ላይ ክሬም ቀለም ሆነ። በጎረቤቶቹ ቡናማ መካከል ይህ ቀይ ከሩቅ ይጠራል። የቀድሞው አርማ ሌላ ድብቅ ችግር ነበረው፤ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሉ በቡናማ ጀርባ ላይ ነበር። ቀለማቸው ቢለያይም ጨለማነታቸው እኩል ነበር። ስልኩን ወደ ጥቁርና ነጭ ስቀይረው ቅጠሉ ጨርሶ ጠፋ። ይህ ፈተና ማንም ሰው በስልኩ ቅንብር ውስጥ ገብቶ በደቂቃ የሚያደርገው ነው። ቀለሙ ሲጠፋ ቅርጹ አብሮ ከጠፋ፣ በፀሐይ ላይ ስልኩን ለሚያይ ሰውም፣ ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚቸግረው ሰውም ይጠፋል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይን በአንድነት ለሚጠቀሙ አርማዎቻችን ይህን በተለይ እመክራለሁ፤ ቢጫው በነጭ ላይ ሲሆን ይሟሟል፣ ቀዩና አረንጓዴው ጎን ለጎን ሲሆኑ በጥቁርና ነጭ አንድ ይሆናሉ።

በሥራዬ የምይዘው ልኬት ይህ ነው፤ በክቡ ውስጥ ያለ መስመርም ሆነ ክፍተት ከክቡ ስፋት አንድ ሃያኛ እንዳያንስ። በ6 ሚሊ ሜትር ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ዓይን ከሚችለው ሦስት እጥፍ ነው፤ ለቸኮለ ሰውና ለደከመ ዓይን የሚተርፍ። በቴሌግራም 160 ፒክስል ላይ ደግሞ 8 ፒክስል ይሆናል፤ ጄፔግ በቀላሉ አያበላሸውም። አርማው በካሬ ሳይሆን በክብ እንደሚቆረጥም ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ከካሬው አንድ አምስተኛ የሚሆነው በአራቱ ማዕዘን ይቀራል። ስሙ በአግድም የተጻፈ፣ ስፋቱ ከቁመቱ አራት እጥፍ የሆነ አርማ ያለው ድርጅት ስሙን ሳይቆረጥ ክቡ ውስጥ ካስገባው ቁመቱ የክቡን ሩብ እንኳ አይሞላም፤ 1.5 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ቀጭን ገመድ ከላይና ከታች ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ማንም የማያየው የግል ቻናል ከፍቼ ምስሉን ጫንሁት። በዲዛይን ፕሮግራሙ ውስጥ አሳንሶ ማየት አያስተማምንም፤ መጨመቁም፣ መቆረጡም፣ የስልኩ ጨለማ ገጽታም እዚያ የሉምና። ጀርባው ያለ ቀለም ባዶ የተተወ ፋይል ተጭኖ ጀርባው ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ቻናሉን በሌሎቹ መካከል አሰልፌ፣ ስልኩን በክንድ ርዝመት ይዤ፣ ብርሃኑን ቀንሼ አየሁት። በመጨረሻም አርማውን አይቶት ለማያውቅ የቢሮ ባልደረባዬ ዝርዝሩን ለአምስት ሰከንድ ያህል አሳይቼ ስልኩን ወሰድሁና ያስታወሰውን በወረቀት ላይ እንዲሥል ጠየቅሁት። ከሌሎቹ ክቦች ምንም አልሣለም። የእኛን ግን አንገቱን አዘንብሎ ሣለው፤ ከጎኑም «ቀይ» ብሎ ጻፈበት።

ጸሐፊው አንድ ነገር ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ከጽሑፋቸው ጋር ያያይዟቸው አርማዎች በሙሉ የስልኩን ስፋት ሞልተው የታተሙ ናቸው። ስለ ትንሽነት የተከራከሩበት አንድም ትንሽ ምስል የለበትም። እነዚያኑ አርማዎች በ6 ሚሊ ሜትር ጎን ለጎን ደርድረው ቢያወጧቸው ክርክራችን ግማሹ በዚያው ያልቅ ነበር፤ እርሳቸውም ቢያሸንፉኝ በደስታ እቀበላለሁ።

የደንበኛዬ ሙሉ አርማ አልተጣለም። ቅርንጫፎቹ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የመሶቡ ጠርዝ ከነስሙ በቡና ከረጢቱ ላይ፣ በሱቁ ደጃፍና በማኅተሙ ላይ እንዳለ ይገኛል። በስልክ ላይ የማይታየው ስፌት በከረጢቱ ላይ ጎልቶ እንዲወጣ፣ በሁለት ቀለም የነበረውን በሦስት አሳተምነው።